የተጠገነ ገመድ ስልክ አያቃጥልም

«የተበላሸ የቻርጀር ገመድ አይጠገንም፤ ስልክህን ያቃጥልብሃል፤ ጣለውና አዲስ ግዛ።» ይህን ምክር ያልሰማ ባለስልክ ማግኘት ይከብዳል። የስልክ ዕቃ ሻጩ ይለዋል፤ ስልክ ጠጋኙ ይለዋል፤ ቤት ውስጥም ልጅ ለአባቱ ይለዋል። ሁሉም ስለሚለው ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን ምክሩ ስህተት ነው እላለሁ። ሰዉ ያየውን አላየም አልልም፤ የቀለጠ ገመድ አይቷል፣ የጠቆረ የቻርጀር ጫፍም አይቷል። ግን ያየው የተጠገነ ገመድ አይደለም፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ ነው። ሁለቱ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በሥራ አይገናኙም፤ የአንዱን ጥፋት ለሌላው ማሸከምም ፍርደ ገምድልነት ነው።

እስቲ የተጠመዘዘውን በቅርብ እንየው። ሰውየው ላስቲኩን በጥርሱ ይልጣል። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የመዳብ ክሮች በጣቱ ያጣምራል፤ ሲልጥ ግማሹ ተበጥሶ ቀርቷል። ከዚያ ወረቀት የሚለጠፍበትን ፕላስተር ይጠቀልልበታል። የመጀመሪያው ቀን ይሠራል። መዳብ ግን አየርና የእጅ ላብ ሲያገኘው ፊቱ ይጠቁራል፣ ገመዱ በተነካካ ቁጥርም ጥምዝዙ ይላላል። ያኔ ኮረንቲው የሚያልፈው በጥቂት የመነካኪያ ነጥቦች ብቻ ይሆናል። በዚያች ቦታ ግማሽ ኦም ያህል ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ስልኩ 2 አምፔር ሲስብ በነጥቧ ላይ የሚባክነው 2 ዋት ሙቀት ነው። 2 ዋት በትልቅ ዕቃ ላይ ምንም አይደለም፤ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ቦታ ላይ፣ በፕላስተር ታፍኖ ሲቀመጥ ግን ላስቲክ ያቀልጣል። የቀለጠው ላስቲክ ሽቦ ከሽቦ ያገናኛል። «የተጠገነ ገመድ አቃጠለ» የሚባለው ታሪክ ይኸው ነው።

በሶልደር የተያያዘ መጋጠሚያ ላይ ይህ ሰንሰለት ገና ከመጀመሪያው ይበጠሳል። ቀልጦ የገባው ሶልደር በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ አየር አይገባም፣ አይላላም፤ ሬዚስታንሱም ከአንድ ኦም በጣም ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ ይሆናል። በዚያው 2 አምፔር የሚባክነው ሙቀት በእጅ ቢዳሰስ እንኳ አይታወቅም።

«ስልኩን ያቃጥላል» የሚለውን ደግሞ ለብቻው ልያዘው፤ ትልቁ ፍርሃት እዚህ ነውና። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቀበል የሚወስነው ገመዱ አይደለም፣ ስልኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ነው። ገመድ ኃይል አይፈጥርም፤ ያገኘውን ያደርሳል፣ ደካማ ሲሆን ደግሞ አጉድሎ ያደርሳል። ቻርጀሩ 5 ቮልት ቢልክ፣ መንገድ ላይ ያ ግማሽ ኦም 2 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላና ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4 ቮልት ይሆናል። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚስበውን ይቀንሳል። ውጤቱ መቃጠል ሳይሆን መንቀርፈፍ ነው።

ስልክ በእርግጥ የሚጎዱት ሁለት ስህተቶች ናቸው። አንደኛው ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አለዋውጦ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው የኃይሉ ሽቦ ከዳታ ሽቦ ጋር እንዲነካካ መተው ነው። ሁለተኛው በተለይ ከፈጣን ቻርጀር ጋር አደገኛ ነው፤ እነዚህ ቻርጀሮች 9 ቮልትና ከዚያም በላይ ስለሚልኩ፣ ለ3 ቮልት ገደማ የተሠራ የዳታ መስመር ይህን አይችልም። ሁለቱም ግን ገመዱ ስልኩ ላይ ከመሰካቱ በፊት በማንኛውም ርካሽ ቴስተር የሚታወቁ ናቸው። አስቀድሞ የሚታወቅ ስህተት ሥራውን እርም ለማለት ምክንያት አይሆንም።

«የሽቦውን ቀለም በምን እናውቃለን? እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ነው የሚያደርገው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን እውነታቸውን ቦታው ባልሆነ ቦታ ነው የሚያውሉት። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኤስቢ ደንብ አራቱን ሽቦዎች በቀለም ለይቷቸዋል፤ ቀይ ለ5 ቮልት፣ ጥቁር ለኔጌቲቭ፣ ነጭና አረንጓዴ ለዳታ። ደንቡን የማይከተል ብዙ ገመድ አለ። በቀይ ፈንታ ብርቱካናማ፣ በጥቁር ፈንታ ሰማያዊ የሆነበት ያጋጥማል። ሁለቱ ጫፎቹ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ውስጥ ደግሞ ያው ሰማያዊ ኔጌቲቭ ሳይሆን ቻርጀሩና ስልኩ የሚግባቡበት አምስተኛ መስመር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለምን ብቻ አምኖ ሁለት የተለያዩ ገመዶችን መቀጠል እኔም የምቃወመው ነገር ነው።

ነገር ግን መሐሉ ላይ የተቆረጠ ገመድ አንድ ገመድ ነው፤ ሁለቱም ቁራጮች የእሱው ናቸው። እዚህ ላይ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ጨርሶ አያስፈልግም። በዚህኛው ቁራጭ ያለው ብርቱካናማ በዚያኛው ካለው ብርቱካናማ ጋር፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር ይገናኛል፤ አለቀ። ፋብሪካው የፈለገውን ቀለም ይምረጥ፣ ሽቦው ከተቆረጠበት ግራና ቀኝ ቀለሙ አይለወጥም። የቀለሙ ጥያቄ የሚነሳው ራሱን ለመቀየር ወይም ከሌላ ገመድ ቁራጭ ጋር ለመቀጠል ሲፈለግ ብቻ ነው።

ያንን ከባዱን ሁኔታ ላሳይ፤ ክርክሩ በቀላሉ ብቻ አሸንፎ መሄድ የለበትምና። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ሁለት የሞቱ ገመዶች ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ለቆሻሻው ከማውጣቴ በፊት ለማንኛውም ላሳይህ ብዬ ነው» አሉኝ። ሁለቱም አንደኛው ራስ ቻርጀር ላይ የሚሰካ ጠፍጣፋ ዩኤስቢ፣ ሌላው ስልኩ ላይ የሚገባ ታይፕ ሲ የሆኑ ናቸው። አንዱ ስልኩ ጋ በሚገባው ራስ አንገት ላይ፣ ሌላው ቻርጀሩ ጋ በሚሰካው ራስ አንገት ላይ ተቆርጠዋል። ገመድ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያው አንገት ላይ ነው፤ ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። አንገት ላይ የተቆረጠ ደግሞ በፕላስቲክ ስለተደፈነ በቦታው አይቀጠልም። መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ የአንደኛውን ደህና የቻርጀር ራስ ከሌላኛው ደህና የታይፕ ሲ ራስ ጋር ማገናኘት።

የቻርጀር ራስ ያለበት ቁራጭ ሲላጥ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ ወጣ። የታይፕ ሲው ቁራጭ ግን ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያውን ማወቅ ቀላል ነው፤ አራቱ ጫፎች እንዳይነካኩ አራርቆ ቻርጀር ላይ ሰክቶ በቴስተር መለካት ነው። የቴስተሩ ቀይ ጫፍ በቀዩ ሽቦ፣ ጥቁሩ ጫፍ በጥቁሩ ሽቦ ላይ ሲያርፍ 5 ቮልት ገደማ ካነበበ ቀለሙ እውነቱን ተናግሯል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገላብጧል ማለት ነው።

የታይፕ ሲው ቁራጭ ግን ምንም ኃይል ስለሌለው ቮልት አይለካም፤ ፒኖቹም ለቴስተር ጫፍ በጣም ደቃቅ ናቸው። እዚህ የሚረዳው የታይፕ ሲ ደንብ ራሱ ነው። በደንቡ የተሠራ ታይፕ ሲ ራስ ውስጥ ኔጌቲቩ ከውጭው የብረት ቀፎ ጋር የተገናኘ ነው። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጥበት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ከብረት ቀፎው፣ ሌላውን በተራ ከአራቱ ሽቦዎች ጋር ማነካካት ነው። ሰማያዊው ላይ ጮኸ። እንግዲህ ሰማያዊው ኔጌቲቭ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ስናይ ነጩና አረንጓዴው ቀጫጭን ሆነው እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው፤ የዳታ ጥንድ ናቸው። ብርቱካናማው እንደ ሰማያዊው ወፈር ያለ ነው፤ ፖዘቲቩ እሱ ነው። ቀለም፣ ውፍረትና ቴስተር ሲስማሙ ጥርጣሬ አይቀርም። ባይስማሙ ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆም ነበር።

በነገራችን ላይ ጠጋኞች ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ቀይና ጥቁሩን ብቻ አገናኝተው ነጭና አረንጓዴውን ቆርጠው ይተዋሉ። «ተጠግኖ ነበር፣ ግን ይጎተታል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ስልኩ በነጭና በአረንጓዴው በኩል ነው የተሰካው ቻርጀር ላይ ይሁን ኮምፒውተር ላይ የሚለየው። መስመሮቹ ዝም ካሉት ብዙ ስልክ ለጥንቃቄ ወደ ግማሽ አምፔር ብቻ ይወርዳል። ይህ የጥገና ድክመት አይደለም፤ ግማሹ ያልተሠራ ሥራ ነው።

ወደ ብየዳው ስንመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ነገር ነው። በሙቀት የሚኮማተረው ቱቦ ሽቦው ከመያያዙ በፊት ይገባል፤ ከተያያዘ በኋላ የሚገባበት መንገድ የለም። ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀጭን ቁራጭ፣ ለጠቅላላው ገመድ አንድ ወፍራምና ረጅም ቁራጭ ተደርጎ የብረቱ ሙቀት እንዳይደርስበት ራቅ ብሎ ይገፋል። ቀጥሎ ሽቦዎቹ ዝንፍ እያሉ ይቆረጣሉ። በአንደኛው ቁራጭ ቀዩ አጭር ከሆነ በሌላው ቁራጭ የእሱ አቻ ረጅም ይሆናል፤ ጥቁሩ ተቃራኒውን። እንዲህ ሲሆን አራቱ መጋጠሚያዎች ጎን ለጎን አይውሉም፤ አንዱ ከሌላው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደፊት ይርቃል። ሽፋኑ አንድ ቀን ቢሳሳ እንኳ እርቃናቸውን የሚገናኙ ሁለት ሽቦዎች አይኖሩም፤ መጋጠሚያውም ቀጠን ብሎ ይወጣል።

የሽቦው ጫፍ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይላጣል። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ ወደ ኋላ ተቆርጦ ንጹሕ የሚያብረቀርቀው ይፈለጋል። የሁለቱ ወገን ክሮች ትይዩ ሆነው ይጠማዘዛሉ፣ ከሙጫ የሚሠራ ፍላክስ ይቀባሉ። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ብየዳ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ማቅለጫ ግን አይነካም፤ ውሎ አድሮ ክሩን ይበላዋል። የሶልደር ብረቱ 330 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጫፉ መዳቡን ያሞቀዋል፣ ሶልደሩ ደግሞ በብረቱ ላይ ሳይሆን በሞቀው መዳብ ላይ ይነካል። መዳቡ ራሱ አቅልጦ ሲጠጣው ሥራው ሠምሯል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ላስቲኩ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ጥሩውንና መጥፎውን መለየት ለዓይን ይቀላል። በጥሩው መጋጠሚያ ላይ ሶልደሩ ስስ ሆኖ የክሮቹ ቅርፅ ከሥሩ ይታያል። በመጥፎው ላይ እንደ እንክብል ድቡል ብሎ መዳቡ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልገባም፤ ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ይላቀቃል። ማብረቅ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም፤ እርሳስ የሌለበት ሶልደር ደህና ሆኖም ፈዘዝ ይላል። እርሳስ ባለበት የሠራ ሰው ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ መስኮትም ይክፈት፤ የሚጨሰው ፍላክስ ሳንባ ያስቆጣል።

ሶልደሩ በደንብ የማይዘው ሽቦም አለ፤ እዚያ ላይ መታገል ከንቱ ነው። ርካሽ ገመድ ውስጥ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይገባል። በምላጭ ፋቅ ሲደረግ ከቀዩ ሥር ነጩ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። በቆርቆሮ የተለበጠ እውነተኛ መዳብ ተቃራኒው ነው፤ ከነጩ ሥር ቀዩ ይወጣል።

ሽፋኑ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ቱቦው ተገፍቶ መጋጠሚያውን ከግራና ከቀኝ አልፎ ላስቲኩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ይሸፈናል። የሽቦ ሾጣጣ ጫፍ ቀርቶ ከሆነ ቱቦው ሲኮማተር ይወጋዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጫፉ ተቆርጦ ይለሰልሳል። ቱቦው ክብሪት ወይም ላይተር ራቅ ብሎ እየተንቀሳቀሰ ሲሞቅ ይጨብጣል። ቱቦ ካልተገኘ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ናስትሮ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻው እየሳቡ በእጥፍ መደራረብ ይቻላል። የወረቀት ፕላስተርና የቁስል ፕላስተር ግን ሙቀት ሲያገኛቸው ሙጫቸው ስለሚላላ ቦታቸው እዚህ አይደለም።

የውጭው ቱቦ ሳይኮማተር በፊት ፍተሻ ይደረጋል። የታይፕ ሲው ብረት ቀፎ ከቻርጀሩ ራስ ጥግ ካሉት ሁለት ረጃጅም ፒኖች ከኔጌቲቩ ጋር ሊጮህ፣ ከፖዘቲቩ ጋር ዝም ሊል ይገባል። ሁለቱ ረጃጅሞች እርስ በርስ ዝም ማለት አለባቸው፤ መሐል ያሉት የዳታ ፒኖችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ሙከራ በተራ 5 ቮልት ቻርጀር ይሁን፤ በፈጣን ቻርጀርም በላፕቶፕም አይደለም። የጎረቤቴ ገመድ በዚህ ፈተና አለፈ። ሩብ ሰዓት ቻርጅ ሲያደርግ መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ ከቀሪው ገመድ አልተለየም። ቢሞቅ ኖሮ ተከፍቶ ይታይ ነበር።

ከሚቃወሙኝ ሁሉ የማከብረው አንድ ክርክር አለ። «ሶልደር ሽቦውን ያደርቀዋል፣ ከሶልደሩ ጫፍ ላይ እንደገና ይበጠሳል» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሶልደሩ በክሮቹ ውስጥ ሰርጎ የቆመበት ድንበር ላይ መታጠፉ ይከማቻል። ብዙ በሚንቀጠቀጥ የመኪና ሽቦ ላይ ባለሙያዎች ከብየዳ ይልቅ ተጨምቆ የሚያዝ ማገናኛ የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ታዲያ መልሱ የውጭው ቱቦ ነው። ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም መጋጠሚያ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ከሸፈነ ገመዱ የሚታጠፈው ከደረቀው ቦታ ውጪ ይሆናል። መጋጠሚያውን አንገቱ ላይ ሳይሆን መሐል ገመዱ ላይ ማድረግም ይረዳል፤ እዚያ ማንም አያጥፈውም።

የቀረው «አዲሱ ርካሽ ነው» የሚለው ነው። የትኛው አዲስ? ገመድ ሲገዛ የሚታየው ላስቲኩ ነው፣ የሚከፈለው ግን ለመዳቡ ነው። 28 ቁጥር የሚባለው ቀጭን ሽቦ አንድ ሜትር በሆነ ገመድ ውስጥ ሄዶ መልሱ 0.43 ኦም ገደማ አለው፤ 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት ይጠፋል። 24 ቁጥር ሲሆን ኪሳራው 0.34 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ አነስተኛ ቁጥር ወፍራም ሽቦ ነው። ከስልኩ ጋር የመጣውን ወፍራም ገመድ ጥሎ በርካሹ ቀጭን መተካት ማለት፣ ደህናውን ከአንድ ሴንቲሜትር ቁስሉ የተነሳ ትቶ ከዳር እስከ ዳር ደካማ የሆነውን መውሰድ ነው።

የማልጠግነውም አለ። ለላፕቶፕ 100 ዋት የሚሸከሙ፣ ሁለቱ ጫፎቻቸው ታይፕ ሲ የሆኑና መለያ ቺፕ ያላቸው ገመዶችን አልነካም። በውስጣቸው 20 ቮልትና 5 አምፔር ያልፋል፣ ሽቦዎቹም ብዙና ደቃቅ ናቸው፤ የእጅ ሥራ ትንሽ ጉድለት እዚያ ይቅር አይባልም። ራሱ የቀለጠ፣ ፒኑ የጠቆረ ገመድም አይዳንም። ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ደርቆ የሚሰነጠቅም እንዲሁ፤ አንዱን ሲዘጉ ሌላው ይከፈታል። የመጨረሻውን ዓይነት ስጥል ግን ደህና የሆነ ራስ ካለው፣ ላስቲኩም እዚያ አካባቢ ያልተሰነጠቀ ከሆነ፣ ከሥሩ አንድ ስንዝር ገመድ አስቀርቼ ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ። አንገቱ ላይ የተበጠሰ ሌላ ገመድ ሲመጣ የሚቀጠለው በዚያ ነው።